በሂና ስም የተሸጠው ብረት

በሃያኛው ምዕተ ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ ፀጉር ቤቶች ውስጥ ለጀማሪ ሠራተኞች ከሚነገሩት ማስጠንቀቂያዎች አንዱ «ሂና የነካውን ፀጉር በኬሚካል ቀለም አትንኩ» የሚል ነበር። ማስጠንቀቂያው ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። ሂና ተቀብቻለሁ ባለች ደንበኛ ራስ ላይ አዲሱ የኬሚካል ቀለም ሲደረግ ፀጉሩ የሞቀበት፣ የጨሰበት፣ ወደ አረንጓዴ ያደላበት፣ አልፎ አልፎም በእጅ ላይ እየተበጠሰ የቀረበት ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ ለዚህ ሁሉ ጥፋት ተጠያቂ የተደረገው ተክል በአብዛኛው ከነገሩ ንጹሕ ነበር። ጥፋተኛው በዚያው ስም፣ በዚያው ቆርቆሮ ውስጥ ከቅጠሉ ጋር ተደባልቆ የተሸጠው የብረታ ብረት ጨው ነው። ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ነገሮች እንዴት በአንድ ስም ሊጠሩ እንደቻሉና ከኬሚካሉ ቀለም ጋር ሲገናኙ ምን እንደሚከሰት መከተል፣ ያ ማስጠንቀቂያ የቱ ላይ ልክ፣ የቱ ላይ ስሕተት እንደሆነ ያሳያል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ተክሉን ማወቅ ያሻል። ሂና በሰሜን አፍሪካ፣ በዓረብ አገሮች፣ በኢራንና በህንድ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ የሳይንስ ስሙ ላውሶኒያ ኢነርሚስ ይባላል። በአገራችን ሂና በተለይ በሐረርና በምሥራቁ ክፍል የታወቀ ሲሆን፣ በደጋው ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት እንሶስላ ግን ሌላ ተክል ነው፤ ከእንሶስላ የሚፈለገው ሥሩ፣ ከሂና የሚፈለገው ግን ቅጠሉ ነውና ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠር አይገባም። የደረቀው የሂና ቅጠል ተፈጭቶ፣ በውኃ ወይም ጥቂት ሎሚ በተጨመረበት ውኃ ተለውሶ ለሰዓታት ሲቀመጥ፣ ሎሶን የሚባል ብርቱካንማ ቀለም ይለቃል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው የሎሶን መጠን ትንሽ ነው፤ ከመቶ አንድ እጅ አካባቢ ቢሆን ነው። ይህ ቀለም ወደ ፀጉሩ ገብቶ፣ ፀጉር ከተሠራበት ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ጋር በቀጥታ ይጣበቃል። አጣባቂ ብረትም ሆነ ፔሮክሳይድ አያስፈልገውም። በማግስቱና በሠለስቱ ከአየር ጋር ሲገናኝ ጥቂት ይጠቁራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ረግቶ ይቀመጣል።

የሂና ድክመት ከዚሁ ቅንነቱ የሚመነጭ ነው። ንጹሕ ሂና የሚሰጠው ቀለም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ብርቱካንማ ቀይ። በሽበት ላይ ሲሆን ቦግ ይላል፣ በጥቁር ፀጉር ላይ ሲሆን በፀሐይ ብቻ የሚታይ ቀላ ያለ ጥላ ይሆናል። ጥቁር ፀጉርን ሊያነጣ ፈጽሞ አይችልም። በዚያም ላይ ሰዓታት ይወስዳል። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ሂና በአውሮፓ ከተሞች ፋሽን ሆኖ ሲነሣ (ለዚህም የኦፔራ ዘፋኟ አዴሊና ፓቲ ስም ይጠቀሳል) ደንበኞች ቡናማም፣ ጥቁርም፣ ደረት ነትም የሚመስል ቀለም መፈለጋቸው አልቀረም። የተክሉ ስም ተወዳጅ ነበር፤ ተክሉ ግን የተፈለገውን ሁሉ መሆን አልቻለም። ነጋዴዎቹ ስሙን ይዘው የጎደለውን ከሌላ ቦታ አመጡ።

ያ ሌላ ቦታ ሩቅ አልነበረም። ብረታ ብረት ፀጉር ሲያጠቁሩ የኖሩት ከጥንት ጀምሮ ነው። በግሪክና በሮማ ዘመን የእርሳስ ኦክሳይድና የተጠማ ኖራ በውኃ ተለውሶ ፀጉር ይቀባበት ነበር። በ2006 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥንታዊ አሠራር ደግመው ሲሞክሩት፣ እርሳሱ በፀጉሩ ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተዋሕዶ እጅግ ደቃቅ የሆኑ የእርሳስ ሰልፋይድ ቅንጣቶች እንደሚፈጠሩ አሳይተዋል። ጥቁሩ ቀለም እነዚሁ ቅንጣቶች ናቸው። ፀጉር በተፈጥሮው ድኝ የበዛበት ስለሆነ ለእርሳስም ሆነ ለብርና ለመዳብ ዝግጁ ወጥመድ ነው ማለት ይቻላል። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመትም የብር ናይትሬት መፍትሔ በብልቃጥ እየተሸጠ ሽበት ማጥቆሪያ ሆኖ ነበር፤ የእርሳስ አሲቴት ውኃም እንዲሁ በየቀኑ እየተቀባ ሽበቱን ቀስ በቀስ «ወደ ቀድሞ መልኩ ይመልሳል» ይባልለት ነበር።

የተደባለቀ ሂና የሚባለው እንግዲህ የእነዚህ የሁለቱ ልማዶች ጋብቻ ነው። የተፈጨው ቅጠል እንደ መነሻ ይወሰዳል፤ በእሱ ላይ የመዳብ ሰልፌት፣ የብረት ሰልፌት፣ የብር ወይም የእርሳስ ጨው፣ አንዳንዴም ኒኬል ወይም ኮባልት ይጨመርበታል፤ በተጨማሪም ፓይሮጋሎል የተባለ ውሁድ ይገባል። ፓይሮጋሎል ከብረት ወይም ከመዳብ ጋር ሲገናኝ የሚጠቁር ነገር ነው፤ ከዛፍ እብጠትና ከብረት ጨው የሚሠራው የድሮ የጽሕፈት ቀለም የሚጠቁረውም በዚሁ መንገድ ነው። በአጭሩ፣ ደንበኛይቱ በራሷ ላይ የምትቀባው ግማሹ ሂና፣ ግማሹ የጽሕፈት ቀለም ነበር። የቅመሙ መጠን በተለወጠ ቁጥር የቀለሙ ዓይነት ይለወጣል፤ በቆርቆሮው ላይ ያለው ስም ግን ያው «ሂና» ሆኖ ይቀራል፤ «ሂና ቡናማ»፣ «ሂና ጥቁር» እየተባለ። ዱቄቱ ቅጠል ቅጠል ስለሚሸትና አረንጓዴ ስለሚመስል ገዢው የሚጠረጥርበት ምክንያት አልነበረውም። ብረቱ በፀጉሩ ላይ መቀመጡም በራሱ ጊዜ ጉዳት አላሳየም። ቀለሙ ጥቂት የደበዘዘ፣ ፀጉሩ ጥቂት የደረቀና የከረረ ከመሆኑ በቀር፣ ለዓመታት ያለ ችግር የተጠቀሙበት ሴቶች ነበሩ። ችግሩ የሚመጣው ሌላኛው እንግዳ ሲገባ ነው።

ሌላኛው እንግዳ ሃይድሮጂን ፔሮክሳይድ ነው፤ ታሪኩም በሚያስገርም ሁኔታ መልሱን ከመጀመሪያው ይዞ ነበር። ይህን ፈሳሽ በ1818 ያገኘው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ዣክ ቴናር፣ በዚያው ሰሞን ባደረጋቸው ሙከራዎች ፈሳሹ ብርን፣ ፕላቲንን ወይም የማንጋኒዝ ኦክሳይድን ሲነካ እየፈላ ወደ ውኃና ኦክሲጅን እንደሚፈርስ፣ ብረቱ ግን እንዳለ እንደሚቀር አይቷል። ዛሬ ካታሊስት የምንለው ነገር፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ የሌሎችን ለውጥ የሚያፋጥን አካል፣ ገና ስም ሳይወጣለት በፊት መሆኑ ነው። ቴናር ከዚህም ሌላ አንድ ነገር አስተውሏል፤ ፔሮክሳይድ ጥቁሩን የእርሳስ ሰልፋይድ ወደ ነጭ የእርሳስ ሰልፌት ይለውጣል። ይህንኑ በመጠቀም የጠቆረ ነጭ ቀለም ያለባቸውን የቆዩ ሥዕሎች ማደስ እንደሚቻል ሐሳብ አቅርቧል። የፀጉር ቤቶቹ ችግር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ምልከታዎች ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ የሚያነበው ግን ለመቶ ዓመት ያህል አልተገኘም።

ፔሮክሳይድ ለፀጉር ማንጫ በፓሪስ ኤግዚቢሽን የታየው በ1867 ነው። በ1883 ደግሞ የሞኔ ኩባንያ ፓራፌኒሊንዳያሚን የተባለውን ውሁድ ከፔሮክሳይድ ጋር ለፀጉርና ለላባ ማቅለሚያ በፈረንሳይ አስመዘገበ። በ1907 ወጣቱ ኬሚስት ኤዠን ሹወሌር በዚሁ ላይ የተመሠረተ ቀለም ለፓሪስ ፀጉር ሠሪዎች መሸጥ ጀመረ፤ በ1909 ያቋቋመው ድርጅት ኋላ ሎሬያል ለመባል በቃ። የዚህ ዓይነቱ ቀለም አሠራር ከሂና ፍጹም የተለየ ነው። ወደ ፀጉሩ የሚገቡት ቀለም የሌላቸው ትንንሽ ሞለኪሎች ናቸው። አሞኒያው የፀጉሩን ቅርፊት ይከፍታል፤ ሞለኪሎቹ ሠርገው ይገባሉ፤ ፔሮክሳይዱ በግማሽ ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ ኦክሲጅን እየሰጠ በዚያው በፀጉሩ ውስጥ እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። ተያይዘው ሲተልቁ ቀለም ያወጣሉ፤ ተመልሰው ለመውጣትም አይችሉም። ጠቅላላ ነገሩ የቆመው በዚህ «ቀስ ብሎ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

እንግዲህ አንድ ሁኔታ ይታሰብ። ፀጉሯ ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አንዲት ሴት መዳብ ያለበትን «ሂና ቡናማ» ለአንድ ዓመት ስትቀባ ቆይታ፣ ከሦስት ወር በፊት አቆመች። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ከራስ ቆዳዋ አጠገብ ያለው ሦስት ሴንቲ ሜትር ብረት ያልነካው አዲስ ፀጉር ነው። ፀጉር ሠሪዋ 60 ሚሊ ሊትር የቀለም ቅባትና 60 ሚሊ ሊትር ባለ 6 ከመቶ ፔሮክሳይድ ቀላቅላ ከሥር እስከ ጫፍ ትቀባታለች። በሥሩ በኩል ሥራው እንደተለመደው ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ባለው ፀጉር ላይ ግን በአሞኒያው የተቀሰቀሰው መዳብ ፔሮክሳይዱን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያፈርሰዋል፤

2H2O2 → 2H2O + O2

ቅልቅሉ አረፋ ያወጣል፣ ይሞቃል። ሙቀቱ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። በንግድ ቋንቋ ባለ 6 ከመቶ ፔሮክሳይድ «20 ቮልዩም» የሚባለው፣ አንዱ ሊትር 20 ሊትር ኦክሲጅን ስለሚሰጥ ነው። ስለዚህ 60 ሚሊ ሊትሩ 1.2 ሊትር ጋዝ አለው ማለት ነው። አንድ ሞል ፔሮክሳይድ ሲፈርስ 98 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይለቃል፤ በ60 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ያለው 3.6 ግራም እንግዲህ ከ10 ኪሎ ጁል በላይ ነው። ሙቀቱ ባይባክን ኖሮ ይህ 120 ግራም የሚሆነውን ቅልቅል በ20 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። በራስ ላይ ያለ 33 ዲግሪ የነበረ ቅባት ወደ 53 ይደርሳል ማለት ነው። ፔሮክሳይዱ ሳይቀጥን ለብቻው ቢሆን ደግሞ ጭማሪው 41 ዲግሪ ነው። እርግጥ ሙቀት በአየርና በራስ ቆዳ በኩል ስለሚያመልጥ እዚህ ቁጥር ላይ ሁልጊዜ አይደረስም፤ ነገር ግን ምላሹ የሚካሄደው መዳቡ በተቀመጠበት በፀጉሩ ላይ ስለሆነ፣ ከጠቅላላው ቅባት ይልቅ ፀጉሩ ራሱ ይበልጥ ይጎዳል። ከሙቀቱ የከፋው ግን በመዳብና በፔሮክሳይድ መካከል የሚወለዱት ነጻ ራዲካሎች የሚያደርሱት ነው፤ እነሱ ቀለም ሳይመርጡ የፀጉሩን ፕሮቲን ይበጣጥሳሉ።

ውጤቱ ሲታጠብ ይታያል። ሦስቱ ሴንቲ ሜትር ሥር የተፈለገውን ቡናማ ይዟል። መካከሉ ደብዝዞ ወደ አረንጓዴ ጥቁር አድልቷል፤ ምክንያቱም ፔሮክሳይዱ ጊዜው ሳይደርስ ስላለቀ ሞለኪሎቹ በፀጉሩ ውስጥ ሳይሆን ከላይ፣ በተዛባ መጠን ተያያዙ፤ የቀሩትም ሳይያያዙ ታጠቡ። ብዙ ጊዜ የተቀባው ጫፍ ደግሞ እርጥብ ሳለ ሲሳብ እንደ ጎማ ይለጠጥና ይበጠሳል። ፀጉር ሠሪዋ ቀለሙ አልያዘም ብላ ብትደግመው የባሰ ይሆናል፤ ካታሊስቱ አያልቅምና።

ሁሉም ብረት ግን እንደ መዳብ አይጮኽም፤ አደገኛነቱም በዚህ ላይ ነው። ይህን ለመለየት የሙያው መጻሕፍት አንድ ቀላል ፈተና ሲያስተምሩ ኖረዋል። በብርጭቆ ዕቃ (በብረት ዕቃ ከቶ አይሆንም) 30 ሚሊ ሊትር ባለ 20 ቮልዩም ፔሮክሳይድና 20 ጠብታ ባለ 28 ከመቶ አሞኒያ ይቀላቀላል። ከደንበኛይቱ ፀጉር ቀለሙ በብዛት ካለበት ቦታ ጥቂት ይቆረጥና በክር ታስሮ ለ30 ደቂቃ ይነከራል። መዳብ ካለበት ፈሳሹ ይፈላል፣ ዕቃው ይሞቃል፣ ፀጉሩም ሲሳብ በቀላሉ ይለያያል። እርሳስ ካለበት ፀጉሩ ወዲያው ይነጣል፤ ይህ ቴናር በሥዕል ላይ ያየው ያው ለውጥ ነው፤

PbS + 4H2O2 → PbSO4 + 4H2O

ብር ካለበት ደግሞ ምንም አይታይም። ንጹሕ ብር ፔሮክሳይድን እንደሚያፈላ ቴናር መስክሮ ሳለ ይህ እንቆቅልሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በፀጉር ላይ ያለው ብር በብዛት ከድኝ ጋር ተዋሕዶ ፀጉሩን እንደ ቅርፊት የሸፈነ ስለሆነ እንደ ንጹሕ ብር አይሠራም፤ ይልቁንም ፔሮክሳይዱን ከውጭ ያግደዋል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ብረት የሌለበት ፀጉር ጥቂት መንጣት ሲገባው ይኸኛው እንዳለ ይገኛል። ፈተናውን የሚሠራ ሰው እንግዲህ «ምንም አልሆነም» ማለትን ከ«ደኅና ነው» ማለት ጋር እንዳያምታታ መጠንቀቅ አለበት። እንዲህ ባለ ፀጉር ላይ የኬሚካል ቀለም ቢደረግ አይፈላም፣ አይሞቅም፤ ዝም ብሎ አይይዝም።

ገና ያልተቀባን ዱቄት መፈተንም ይቻላል። ከማበጠሪያ በተለቀመ ፀጉር ላይ ዱቄቱ እንደታዘዘው ተለውሶ ይቀባል፤ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ያው ፈተና ይደረግበታል። በቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ይህ ይታመናል። ሆኖም ጽሑፉም ቢሆን ከንቱ አይደለም፤ ዱቄቱ በግማሽ ሰዓት ቡናማ አደርጋለሁ ካለ ንጹሕ ሂና አለመሆኑ ያለ ፈተናም የታወቀ ነው።

በንጹሕ ሂና የተቀባ ፀጉርስ? በዚሁ ፈተና ውስጥ ሲነከር አይፈላም፣ አይሞቅም፤ ጥቂት ነጥቶ ብርቱካንማነቱን እንደያዘ ይወጣል። የኬሚካል ቀለም ቢደረግበት ቀለሙ ይይዛል። ነገር ግን ከሥሩ ያለው ቀይ አይጠፋምና፣ በካርቶኑ ላይ ካለው ሥዕል ይልቅ የሞቀና የቀላ ቀለም ይወጣል። ቡናማ የተባለው ወደ ቀይ ቡናማ ያመዝናል። እዚህ ላይ የተበላሸ ምላሽ የለም፤ ሁለት ቀለሞች ተደራርበው ነው። ነጭ ለመሆን የሚሻ ሰው ግን ይቸገራል፤ ሎሶን ከኬራቲኑ ጋር ስለተጣበቀ ማንጫው ፀጉሩን እያደከመ ብርቱካንማው ይቀራል።

ፀጉር ሠሪዎችን የሚያሳስት አንድ ሌላ ነገርም አለ። ጥቁር ለማግኘት ሂና ከኢንዲጎ ቅጠል ጋር ይደረጋል፤ ይህ ከፋርስ እስከ ህንድ የቆየ ሥራ ነው፣ ብረትም የለበትም። እንዲህ የተቀባ ፀጉር በማንጫ ሲነካ የኢንዲጎው ሰማያዊ ከሥር ካለው ቢጫ ጋር ተዋሕዶ አረንጓዴ ሊወጣ ይችላል። ይህን አረንጓዴ አይቶ «ብረት ነው» ማለት ስሕተት ነው። ልዩነቱ ሙቀት ላይ ነው፤ ኢንዲጎ አረንጓዴ ቢሆንም አይፈላም፣ ፀጉሩንም አያቀልጥም። በአንጻሩ «ጥቁር ሂና» እየተባለ ለእጅ ጌጥ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ፓራፌኒሊንዳያሚን የተጨመረበት ነው፤ የሱ ጉዳት በቆዳ ላይ እንጂ ከብረት ታሪክ ጋር የሚገናኝ አይደለም። ሂና የሚለው ስም አሁንም ያልያዘው ነገር የለም።

ሕጉ የመጣው ዘግይቶ ነው። በአሜሪካ በ1960 የወጣው የማቅለሚያዎች ሕግ ለፀጉር የሚገባ ብረት ሁሉ አስቀድሞ በስም እንዲፈቀድ አስገደደ። በዚህ መሠረት ሂና ለፀጉር ብቻ ተፈቀደ። የእርሳስ አሲቴትም በ1980 በተወሰነ መጠን ፈቃድ አግኝቶ ነበር፤ በ2018 ግን ፈቃዱ እንዲሰረዝ ተወሰነ፤ ውሳኔውም በ2022 ጸና። ከሮማ ዘመን ጀምሮ ሽበት ሲያጠቁር የኖረው እርሳስ ከዚያ ገበያ በሕግ የወጣው ስለዚህ ትናንት ነው ማለት ይቻላል። ያልተመዘገበ ዱቄት ግን በሻንጣም በፖስታም ድንበር ይሻገራል፤ ለዚህም ነው የብርጭቆው ፈተና ከፀጉር ቤት ያልጠፋው።

ብረት ያለበት መሆኑ የተረጋገጠ ፀጉር ምን ይደረግ? በአዳዲሶቹ ቀለሞች ውስጥ መዳብን አንቀው የሚይዙ ውሁዶች ይጨመራሉ፤ እነሱ ግን ከቧንቧ ውኃ ለሚመጣ ጥቂት መዳብ የታሰቡ ናቸው እንጂ ዓመት ሙሉ ለተቀባ አይበቁም። ብረቱን ያወጣሉ ተብለው የሚሸጡ ማጠቢያዎችም ከላይ ያለውን ቀንሰው ከውስጥ ያለውን ይተዋሉ፤ ስለዚህ ከነሱ በኋላም ፈተናው መደገም አለበት። አስተማማኙ መንገድ ፔሮክሳይድን ከዚያ ፀጉር ማራቅና አዲሱ እስኪያድግ መጠበቅ ነው። በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ከታሰበ፣ ከላይ የተጠቀሰችው ሴት የቀረውን ሃያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ለመተካት ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ጊዜ ያስፈልጋታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ንጹሕ ሂና ብትቀባ የሚያስፈራ ነገር የለም።